ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት

ባለፈው ወር አንድ ሮብ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው።

«ልጄ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነው፤ የት ደረስሽ?»

እኔ ገና ቁርስ አልቀመስኩም። ቀጠሮው ለሐሙስ ነበር። «እትዬ፣ ነገ እኮ ነው ያልኩዎት!» ብል፣ «ሮብ ሁለት ሰዓት አላልሽም? ድምፅሽን ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት» አሉ። ተነሥቼ ሄድኩ። መጣሁ ብለው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት በዚያ ብርድ በር ላይ ቆመዋል። ያው ከመጡ ዘንድ የደም ምርመራውን ዛሬውኑ እናስጨርስ ብዬ፣ «ጾመው ነው የመጡት?» አልኳቸው። «ጾሙንማ መቼ ረሳሁት! ሮብ አይደል? ሻዬንም ያለ ወተት ነው የጠጣሁት፤ ከአንድ ቁራሽ አምባሻ ጋር» አሉኝ።

ምርመራው ከምግብ በፊት የሚደረግ የስኳር ምርመራ ነበር። ስኳር የተጨመረበት ሻይ ከነአምባሻው ከተበላ በኋላ የሚወጣው ውጤት ለዚህ ምርመራ አያገለግልም። አክስቴን ቁርስ ጋብዤ ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። የታክሲውም የድካሙም ኪሳራ የእሳቸው ሆነ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፤ ያንን ያወቅሁት ማታ የላክሁትን ድምፅ ራሴ ደግሜ ስሰማው ነው።

አክስቴ ማንበብ ይቸግራቸዋል። ፊደል የቆጠሩ ቢሆኑም ዓይናቸው ደክሟል፤ በስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ አይታያቸውም። የድምፅ መልእክት ግን ይወዳሉ። የልጅ ልጃቸው ቴሌግራም ከፍቶ ሰማያዊዋን ቁልፍ እንዴት እንደሚነኩ አሳይቷቸዋል። በየቤታችን እንደ እሳቸው ያሉ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱም ቀጠሮ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ማኅበር የምንነግራቸው በድምፅ ነው። እኔ ነርስ ሆኜ ስሠራ የቀጠሮ ካርድ ሞልቼ በመስጠት ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ይሁን እንጂ ወረቀት ላይ ሰዓት መጻፍና ሰዓትን በድምፅ መናገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የተረዳሁት ከዚያች ሮብ በኋላ ነው።

የላክሁት መልእክት ምን ነበር?

መልእክቱን ሰኞ ማታ ነው የቀዳሁት። ርዝመቱ ወደ 3 ደቂቃ ይጠጋል። መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ሰርግ ጠይቄያለሁ። ከዚያ በመሐል እንዲህ ብያለሁ፦ «እንግዲህ ሮብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ራትዎን ይብሉና፣ በማግሥቱ ጾመው ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ፣ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ።» ከዚያ ደግሞ ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼ፣ ልጆቹን ሳሙልኝ ብዬ፣ መርቄ ጨርሻለሁ።

አሁን ቆም ብለን እንየው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሁለት ሰዓት» ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ የራት፣ አንዱ የሐኪም ቤት። የቀን ስም ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠርቷል፤ የተጠራውም ሮብ ነው። ሐሙስ የሚለው ቃል በጠቅላላው መልእክት ውስጥ የለም! «በማግሥቱ» ብዬ አልፌዋለሁ። ስለዚህ አክስቴ ሦስት ጊዜ ሰምተው «ሮብ፣ ሁለት ሰዓት» ብለው መያዛቸው የመርሳት ምልክት አይደለም። የያዙት ከንፈሬ የሰጣቸውን ነው።

ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ «በማግሥቱ» የሚለውን ከ«ሮብ» ጋር ያገናኘዋል። ጆሮ እንዲህ አያደርግም። የሰማው ያልፈዋል። የድምፅ መልእክትን ደግሞ መልሶ ማጫወት ይቻላል ቢባልም፣ 3 ደቂቃ ከሆነ ሰዓቱ የተነገረበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ለወጣትም ከባድ ነው። አዛውንት እንደገና ከሰላምታው ጀምረው መስማት አለባቸው። በሰላምታውና በበርበሬው መሐል ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደገና ታልፋለች።

«ጾመው» ያልኩትም የራሴ የሥራ ቋንቋ ነው። ለነርስ ጾም ማለት ምግብ ጭራሽ አለመቅመስ ነው። ለአክስቴ ጾም ማለት ከሥጋ፣ ከቅቤና ከወተት መከልከል ነው። እሳቸው ቃሉን በሚያውቁት መንገድ በትክክል ፈጽመውታል።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ

ከዚያ ወዲህ የቀጠሮ ድምፅ ከመላኬ በፊት በወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ብዙ አይደለም፤ ከ6 እስከ 8 አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ቀስ ተብሎ ሲነበብ ከ30 እስከ 40 ሴኮንድ ይፈጃል። ሰዓቱን በቁጥር ሳይሆን በፊደል ነው የምጽፈው። «2፡00» ብዬ ከጻፍኩ፣ ሳነብ አንዴ «ሁለት ሰዓት»፣ አንዴ «ለሁለት»፣ አንዴ «ሁለት ላይ» እላለሁ። በፊደል ስጽፈው የምናገረው አንድ ዓይነት ይሆናል።

ከመጻፌ በፊት ራሴን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ይህን የሚሰማው ሰው ራሱ የሚነሣበት ሰዓት የትኛው ነው?» የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ነው። ከአክስቴ ቤት ሐኪም ቤቱ ድረስ በታክሲ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ሐኪሙ መቼ እንደሚጀምር ሳይሆን፣ እሳቸው መቼ ከቤት እንደሚወጡ ነው። ያም አንድ ሰዓት ነው። የሐኪም ቤቱን ሁለት ሰዓት እኔ በልቤ እይዘዋለሁ። ለእሳቸው የምነግረው አንድ ሰዓትን ብቻ ነው። አንድ መልእክት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት።

የራቱስ? ለዚህ ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ሙሉ ከውሃ በስተቀር ምንም አለመቅመስ ያስፈልጋል። አክስቴ ግን ሁልጊዜ ራት የሚበሉት ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለራቱ ሰዓት መጥራት ጨርሶ አያስፈልግም፤ «ከሮብ ራት በኋላ» ማለት ይበቃል። መጥራት የሌለብንን ቁጥር ከመልእክቱ ባወጣን መጠን፣ የቀረው ቁጥር በጆሮ ውስጥ ይረጋል።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀጠሮው ሲታደስልን የላክሁት እንዲህ የሚል ነው፦

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? እኔ ነኝ። የሐኪም ቤት ቀጠሮ ልንገርዎት ነው። ከቤት የሚወጡት ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ነው። ሐሙስ የማርያም ዕለት ነው፤ የሮብ ጾም ማግሥት። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ። እኔ ሐኪም ቤቱ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ቀኑንና ሰዓቱን በድምፅ ይመልሱልኝ። ልድገመው፦ ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት።»

ስለ ምግቡ ሌላ መልእክት ላክሁ፦ «እትዬ፣ ይህ ስለ ምርመራው ነው። ሮብ ራትዎን እንደ ልማድዎ ይብሉ። ከራት በኋላ ውሃ ብቻ ይጠጡ። ጠዋት ቁርስ የለም፣ ሻይ የለም፣ ቡና የለም። ቁርስዎን እኔ ይዤልዎት እመጣለሁ።» እዚህ ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። «ጾም» የሚለውም ቃል የለም። የስኳር መድኃኒት ወይም መርፌ ለሚወስድ ሰው ግን በዚያ ጠዋት መድኃኒቱን ስለ መውሰዱ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባዶ ሆድ ላይ የተወሰደ መድኃኒት ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላልና።

ሰዓቱን እንዴት እንደግመው?

ብዙ ሰው መድገም ማለት በሌላ አባባል ማስረዳት ይመስለዋል። «አንድ ሰዓት ላይ ይውጡ፣ ማለዳ ማለት ነው፣ ከሁለት በፊት እንዲደርሱ፣ እንዲያውም ሩብ ጉዳይ ላይ ቢነሡ» ይላል። ይህ መድገም አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶችን መስጠት ነው። የሚሰማው ሰው የቱን ይያዝ? መድገም ማለት ያንኑ ቃል፣ በያው ቅደም ተከተል፣ በያው ዜማ ማለት ነው። «ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት» ካልን መጨረሻም «ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት» ነው። ቀኑ ይቀድማል፣ የቀኑ ክፍል ይከተላል፣ ቁጥሩ መጨረሻ ይመጣል። በሦስቱ መሐል አንድ እስትንፋስ ያህል ማረፍ ነው።

እኔ ሰዓቱን የማነሣው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱም ግን ሥራቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ከሰላምታው ቀጥሎ ወዲያው ይመጣል። ሁለተኛው ሰሚው ከሚያውቀው ነገር ጋር ያስረዋል፦ የማርያም ዕለት፣ ፀሐይ ስትወጣ። ሦስተኛው የመልእክቱ የመጨረሻ ቃል ነው። ከእሱ በኋላ ምንም አልናገርም፤ ምርቃትም ቢሆን። ድምፁ ሲያበቃ በጆሮ ውስጥ የሚቀረው የመጨረሻው ቃል ነው። የድሮው መልእክቴ የመጨረሻ ቃል «ልጆቹን ሳሙልኝ» ነበር፤ አክስቴም ይህን አልረሱትም፤ ልጆቹን ስመዋል!

ያለ ሰላምታና ምርቃት መናገር ለኛ ሰው ነውር መስሎ ሊሰማን ይችላል። እኔም አስጨንቆኝ ነበር። ያገኘሁት መላ ሰላምታውን ለብቻው ቀድቶ ቀድሞ መላክ ነው። የፈለግነውን ያህል ይርዘም፤ በርበሬውም ሰርጉም እዚያ ይነገር። የቀጠሮው ድምፅ ግን ከሰላምታው በኋላ፣ ለብቻው፣ አጭር ሆኖ ይላክ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሚሆነው፣ ቴሌግራም ላይ አንዱ ድምፅ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ስለሚጀምር ነው፤ ሰላምታው ኋላ ከመጣ ሰዓቱን ይሸፍነዋል። አክስቴም ደግመው መስማት ሲፈልጉ የመጨረሻዋን አጭር ድምፅ ብቻ ይነካሉ።

ለማሰሪያ የምንመርጠው ነገር ግን በእርግጥ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ፀሐይ መውጣት በኛ አገር ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። የወሩ የቅዱሳን ዕለታትም አይለወጡም፤ ማርያም 21፣ ሚካኤል 12፣ ጊዮርጊስ 23 ነው። ለሙስሊም ጎረቤቶቼ «ከመግሪብ በኋላ»፣ «ከዙህር በፊት» ስላቸው በትክክል ይይዙታል። «ቅዳሴ ሲወጣ» ማለት ግን አሳስቶኛል። በጾም ቀናት ቅዳሴ ከቀትር ወዲያ ስለሚገባ፣ «ቅዳሴ ሲወጣ» እሑድና በዐቢይ ጾም ሮብ አንድ ሰዓት አይደለም።

ጆሮን የሚያታልሉ ቃላት

አማርኛችን ለጆሮ አስቸጋሪ የሚሆንባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ከሁሉ የባሰው «ለሁለት ሩብ ጉዳይ» የሚለው ነው። የስልክ ድምፅ ትንሽ ከተቆራረጠ፣ ወይም ሰሚው አንድ ጆሮው ከደከመ፣ የሚይዘው «ሁለት» እና «ሩብ» ነው። ያ ደግሞ ሁለት ከሩብ ይሆንና ግማሽ ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ «ጉዳይ» ያለበትን ሰዓት በድምፅ አልልክም። ወይ «አንድ ሰዓት ተኩል» ብዬ ቀደም አደርገዋለሁ፣ ወይ ሙሉ ሰዓት አደርገዋለሁ። ለሽማግሌ ሰው ሩብ ሰዓት ቀድሞ መነሣት አይጎዳም፤ ሩብ ሰዓት መዘግየት ግን ተራ ያስጥላል።

ሁለተኛው «ስምንት» እና «ሳምንት» ነው። «ሳምንት በስምንት ሰዓት» ያልነው ጫጫታ ባለበት ሲሰማ እንቆቅልሽ ነው። በዚያ ላይ «የዛሬ ስምንት» ስንል የዛሬ ሳምንት ማለታችን ነው፤ ዛሬን ጨምረን ስለምንቆጥር። «የዛሬ ዐሥራ አምስት» ስንልም አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይለዋል፣ አንዳንዱ በጣቱ 15 ቀን ቆጥሮ አንድ ቀን ያሳልፋል። በቀጠሮ ካርድ ዘመኔ በዚህች አንድ ቀን ምክንያት ተመልሰው የሄዱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። መድኃኒቱ የቀኑን ስም መጥራት ነው፦ «በሚመጣው ሳይሆን በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ» ከማለት ይልቅ «ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት» ማለት ይቀላል።

«ሦስት» እና «ስድስት»ም በሩቅ ሲሰሙ ጫፋቸው አንድ ነው። እዚህ ላይ የቀኑ ክፍል ይታደገናል። «ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት» እና «ቀትር፣ ስድስት ሰዓት» ካልን አይቀላቀሉም። «ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት» ማለትን ደግሞ «ከስምንት ሰዓት በኋላ» ብለው የሰሙኝ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ «ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት» ነው የምለው።

ሌሊት የሚነሣ አውቶቡስ ሲኖር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሰኞ ሌሊት ዐሥር ሰዓት» ስንል የትኛው ሌሊት ነው? እሑድ ተኝተው የሚነሡበት ነው ወይስ ሰኞ ውለው የሚያድሩበት? የድሮ ሰዎች ለዚህ ጥሩ አባባል አላቸው፦ «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ»። እኔ በዚያ ላይ «እሑድ ማታ ይተኛሉ፣ ሊነጋ ሲል ይነሣሉ» ብዬ እጨምራለሁ።

«ነገ» የሚባል ቃል በድምፅ መልእክት ውስጥ ጭራሽ አይግባ። መልእክቱን ሰኞ ማታ እንልካለን፤ እሳቸው ዳታ የሚከፍትላቸው ልጅ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይሰሙታል። ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ከድምፁ ሥር የተጻፈውን የተላከበትን ቀንና ሰዓት ያያል። የሚሰማ ሰው ግን «ነገ» ሲባል ከሰማበት ቀን ነው የሚቆጥረው። «ከነገ ወዲያ»፣ «በማግሥቱ»፣ «የዛን ዕለት» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው።

ውጭ አገር ላሉ ልጆቻችን

ይህን ዓምድ ለልጆቻቸው የሚያነብቡ ወላጆች አሉና አንድ ቃል ለእነሱም ልበል። ዋሽንግተን ያለው የእህቴ ልጅ ለእናቱ «ቅዳሜ በዐሥር ሰዓት እደውላለሁ» ብሎ ድምፅ ይልካል። እሱ ያለው በእሱ አገር ጠዋት 10 ሰዓት ማለቱ ነው። እናቱ የጠበቁት ግን በኛ ዐሥር ሰዓት ነው። በእነሱ በጋ በኛና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ስለሆነ፣ የእሱ ጠዋት 10 ለእናቱ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ክረምታቸው ሲገባ ልዩነቱ 8 ይሆንና ያው ስልክ ምሽት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል። እነሱ ሰዓታቸውን በኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ግድም ወደፊት፣ በጥቅምት ማብቂያ ግድም ወደኋላ ያዞሩታል፤ እኛ አናዞርም። ሳውዲ ያለች ልጅ ደግሞ የሰዓት ልዩነት የለባትም፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው፤ የእሷ 8 የኛ ሁለት ነው።

ስሌቱን መሥራት ያለበት ላኪው ነው። ሰሚው የሚሰማው የራሱን ሰዓት ብቻ ነው። «በእኔ 10፣ በእናንተ 11» ማለት ሁለት ቁጥር መስጠት ነው፤ ሁለት ቁጥር ደግሞ ምን እንዳደረሰብኝ ነግሬያችኋለሁ።

«እሺ» መልስ አይደለም

አክስቴ ለመጀመሪያው መልእክቴ «እሺ ልጄ፣ ሰምቻለሁ፣ ተባረኪ» ብለው መልሰውልኝ ነበር። እኔም ተረጋግቼ ተኛሁ። «እሺ» ማለት ግን ድምፁ ደርሷል ማለት እንጂ ሰዓቱ ተይዟል ማለት አይደለም። በሐኪም ቤት ታካሚው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በራሱ አንደበት እንዲመልስልን እናደርጋለን። በቀጠሮም እንዲሁ ነው። ታላቅን ሰው «መልሰው ይንገሩኝ» ማለት ግን እንደ ተማሪ መፈተን እንዳይመስል፣ ጥርጣሬውን ወደ ራሳችን ማዞር ነው፦ «እኔ አንዳንዴ እሳሳታለሁና፣ በትክክል ተናግሬ እንደሆነ ቀኑንና ሰዓቱን በድምፅ ይመልሱልኝ።» መልሱ ቀኑን፣ የቀኑን ክፍልና ቁጥሩን ከያዘ ጨርሰናል። አንዱ ከጎደለ ያችኑ አጭር ድምፅ እንደገና እንልካለን፤ አዲስ ማብራሪያ አንጨምርም።

ቀጠሮ ሲለወጥ «አንድ ሰዓት አይደለም፣ ሦስት ሰዓት ነው» አንበል። በአማርኛ «አይደለም» የሚመጣው ከቁጥሩ ኋላ ነው፤ ጆሮ አስቀድሞ የያዘው አሮጌው ሰዓት ነው። የድሮውን ድምፅ ከሁለቱም ስልክ አጥፍተን፣ «የቀድሞው ቀጠሮ ቀርቷል፤ አዲሱ ይህ ነው» ብለን አዲሱን ብቻ መናገር ይሻላል።

ስለ አቀዳዱ ሁለት ነገር ብቻ። ቁልፉን ነክተን ወዲያው ስንናገር የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች፤ ስለዚህ አንድ እስትንፋስ ቆይተን በስማቸው እንጀምር። ከመላካችን በፊትም ራሳችን እንስማው። ደግሞም የሽማግሌ ስልክ ብዙ ጊዜ ድምፁ ከፍ ተደርጎ በቤተሰብ መሐል ነው የሚከፈተው። የበሽታውን ስም አንጥራ፤ «የሐኪም ቤት ቀጠሮ» ይበቃል።

ሮብ ማታ ያችኑ ድምፅ፣ ቃል ሳልለውጥ፣ እንደገና ላክሁላቸው። አክስቴ ሲመልሱ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር፦ «ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት። የማርያም ዕለት። ሻይ የለም፣ አምባሻም የለም። አሁን ተኚ።»

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ከታክሲ ሲወርዱ አየኋቸው። እኔ ቁርሳቸውን በፌስታል ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ሳምንት ያገናኘን፤ ስምንት ሳይሆን ሳምንት!